ሦስት ሾፌሮች፦ ከእጃችን ውጭ ለሆነ ውጤት ወቀሳና ምስጋና ይገባናልን?

(ይህ ጽሑፍ በአንድ የውይይት ምሽት ላይ ያቀረብኩት ንግግር ነው። ከጥቂት የቃላት እርማት በስተቀር እንደተናገርኩት ቀርቧል።)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ የሙያ ባልደረቦቼ፣ እንደምን አመሻችሁ? በዚህ ዝናብ ከቤታችሁ ወጥታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። አዘጋጆቹ ርእሱን ራሴ እንድመርጥ ሲፈቅዱልኝ፣ በጥብቅና ሥራዬ ዘመን ሁሉ ሲከተለኝ የኖረውን አንድ ጥያቄ ይዤ መጣሁ። ሰው በእጁ ላልነበረ ነገር ሊወቀስ ይገባዋልን? ሊመሰገንስ ይገባዋልን?

ጥያቄው እንዲህ በደፈናው ሲቀርብ መልሱ ቀላል ይመስላል። "በእጁ ካልነበረ ምን ያድርግ? እንዴት ይወቀሳል?" እንላለን። ይሁን እንጂ በፍርድ ቤትም፣ በለቅሶ ቤትም፣ በቡና ዙሪያም የምንፈርደው እንዲህ አይደለም። የምንፈርደው በደረሰው ነገር ነው። ዛሬ በመጀመሪያ ሦስት ሾፌሮችን አስተዋውቃችኋለሁ፤ ቀጥዬ ፈላስፎች በዚህ ላይ ያሉትን በአጭሩ እነካለሁ፤ ከዚያም ወደ ሕጋችንና ወደ ሽማግሌዎቻችን እመጣለሁ፤ በመጨረሻም የራሴን አቋም እናገራለሁ። ፈላስፎቹ እንዳይከፋቸው እንጂ ብዙውን ጊዜ የምሰጠው ለሾፌሮቹ ነው።

እንግዲህ የፍጥነት ወሰኑ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሆነ፣ ደረቅና ቀጥ ያለ የአስፋልት መንገድ አስቡ። አንደኛው ሾፌር በ80 ይነዳል። መንገዱ ላይ ማንም አልገባበትም፤ ቤቱ ገብቶ እራቱን በላ። ሁለተኛው ሾፌር በዚያው መንገድ፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው 80 ይነዳል። ከፊቱ 50 ሜትር ላይ አንድ ሕፃን ኳሱን ተከትሎ መንገድ ውስጥ ገባ። ሦስተኛው ሾፌር ሕጉን አክብሮ በ60 ይነዳል። ከፊቱ 30 ሜትር ብቻ ሲቀረው፣ ከቆመ ሚኒባስ ጀርባ ሌላ ሕፃን ብቅ አለ።

አሁን ትንሽ ሒሳብ እንሥራ፤ ሒሳቡ የጉዳዩ እምብርት ነውና ታገሡኝ። ሰው አደጋ አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ ድረስ አንድ ሰከንድ ተኩል ያህል ይወስድበታል ብለን እንውሰድ። በ80 የሚነዳ ሰው በዚህች ጊዜ ውስጥ ፍሬኑን ሳይነካ 33 ሜትር ይጓዛል። ፍሬኑን ከረገጠ በኋላ ደግሞ፣ ጎማውም ፍሬኑም ደህና ቢሆን እንኳ፣ በደረቅ አስፋልት ላይ ለመቆም 36 ሜትር ያህል ያስፈልገዋል። ድምሩ ወደ 69 ሜትር ነው። ሕፃኑ ያለው ግን 50 ሜትር ላይ ነው። ስለዚህ ሁለተኛው ሾፌር ሕፃኑ ጋ ሲደርስ ገና በ58 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ላይ ነው። በ60 ቢነዳ ኖሮስ? 25 ሜትር ሳይረግጥ ይጓዛል፣ በ20 ሜትር ውስጥ ይቆማል፤ በጠቅላላው 45 ሜትር። ሕፃኑ ኳሱን አንሥቶ ይሄድ ነበር። ሕፃኑን ያስገደለችው ያቺ የ20 ኪሎ ሜትር ትርፍ ፍጥነት ናት ማለት ነው።

ሦስተኛውን ደግሞ ተመልከቱት። በ60 የሚነዳ ሰው ለመቆም 45 ሜትር ይሻል፤ የተሰጠው ግን 30 ነው። ፍሬኑን ከረገጠ በኋላ የቀረችው አምስት ሜትር ብቻ ናት። እሱም በ52 ኪሎ ሜትር ገጨ። ሕፃኑ ሞተ። ይህ ሰው ምን ማድረግ ነበረበት? ሕጉ የጠየቀውን ሁሉ አድርጓል።

ሦስቱን ጎን ለጎን አቁሟቸው። አንደኛውና ሁለተኛው ያደረጉት አንድ ነው፤ የደረሰው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ያደረጉት ይለያያል፤ የደረሰው ግን አንድ ነው። ልባችን የሚያቧድነው ማንን ከማን ጋር ነው? እውነቱን እንናገር። አንደኛውን ማንም አያስታውሰውም። ሁለተኛውና ሦስተኛው ግን ሁለቱም "ሰው ገጨ" ይባላሉ።

ፈላስፎቹ ይህንን ጉዳይ ያነሡት ከጥንት ነው። አማኑኤል ካንት በ1785 እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ባሳተመው መጽሐፉ፣ በጎ ፈቃድ ያሰበው ባይሳካለት እንኳ ዋጋው እንደማይቀንስ፣ ቢሳካለትም እንደማይጨምር አስረግጦ ጽፏል። በካንት ዓይን አንደኛውና ሁለተኛው ሾፌር አንድ ናቸው፤ ነገሩ አለቀ። ከእሱ 26 ዓመት ቀድሞ የጻፈው አዳም ስሚዝ፣ አዎን፣ በኢኮኖሚ የምናውቀው ያው ስሚዝ፣ ይበልጥ ሰውን የሚያውቅ ይመስለኛል። ሰው ሁሉ በመርሕ ደረጃ በካንት ዓይነቱ ሐሳብ ይስማማል፣ አንድ ጉዳይ ከፊቱ ሲቀርብለት ግን ልቡ ውጤቱን ተከትሎ ይሄዳል ይላል። ምሳሌው ሳያስጠነቅቅ በአጥር ላይ ትልቅ ድንጋይ ወደ መንገድ የሚወረውር ሰው ነው። ድንጋዩ ማንንም ካልመታ እንገሥጸዋለን፤ ሰው ከገደለ ደግሞ እንዲቀጣ እንጮኻለን። እጁ ግን ያው እጅ ነው።

ጉዳዩ ዛሬ የሚታወቅበትን ስም ያገኘው በ1976 እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ነው፤ በርናርድ ዊሊያምስና ቶማስ ኔግል የተባሉ ሁለት ፈላስፎች በአንድ መድረክ ላይ "የሥነ ምግባር ዕድል" ብለው ተወያዩበት። ኔግል ችግሩን ያጠበቀው እንዲህ ነው፦ በእጃችን ላልነበረ ነገር አንወቀስም የሚለውን መርሕ አጥብቀን ከያዝነው፣ ውጤቱ ብቻ ሳይሆን የገባንበት ሁኔታም፣ የተወለድንበት ጠባይም በእጃችን አልነበረምና፣ በመጨረሻ የምንወቀስበት ነገር ይጠፋል። ይህችን ጣጣ ወደ ኋላ እመለስባታለሁ። ዊሊያምስ ደግሞ ስለ ሦስተኛው ሾፌር አንድ ነገር አስተዋለ። ያለ ጥፋቱ ሕፃን የገጨ ሾፌር የሚሰማው ነገር፣ አጠገቡ ቆሞ አደጋውን ያየ ሰው ከሚሰማው የተለየ ነው። የሁለቱም ሐዘን ሐዘን ነው፤ የሾፌሩ ግን "እኔ ነኝ" የሚል ሐዘን ነው።

ይህንን ነገር ከመጽሐፍ ሳላነበው በፊት በዓይኔ አይቼዋለሁ። አባቴ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። አብሮት በአንድ መስመር የሚሠራ፣ እኛ ልጆቹ "ጋሼ" እያልን የምንጠራው ወዳጅ ነበረው። አንድ የገበያ ቀን፣ በአንዲት ትንሽ ከተማ መውጫ ላይ፣ ከከብቶች መካከል ድንገት የወጣች አንዲት እናት ገጭቶ ገደለ። ፍጥነቱ ዝቅተኛ እንደነበር ምስክሮቹም ተናገሩ፣ ፖሊስም የጎማውን ምልክት ለክቶ አረጋገጠ። በነፃ ተሰናበተ። አባቴ በመጣ ቁጥር "ጥፋት የለብህም እኮ" ይለዋል። "አውቃለሁ" ይላል ጋሼ። ከዚያ ዝም ይላሉ። መኪና ግን ዳግመኛ አልነዳም።

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ጋሼ ተሳስቶ ነበርን? ነገሩን ወደ ሌላ አቅጣጫ ገልብጡት። በነፃ የተሰናበተ ዕለት ማታ "ሕጉ ነፃ ነህ ብሎኛል፣ ምን አገባኝ" ብሎ ተኝቶ ቢያድር ምን እንለው ነበር? ጥፋተኛ ነው አንልም፤ ነገር ግን አንድ ነገር ጎድሎታል እንላለን። ይህ ስሜት ስሕተት ነው ብዬ አላምንም። በእጃችን ያልነበረውም ነገር በእጃችን በኩል ካለፈ የእኛ የሚሆንበት መንገድ አለ።

ሽማግሌዎቹ ያደረጉት ደግሞ ከሁሉም ይልቅ ይገርመኛል። ከሁለቱም ወገን ተሰብስበው ጋሼን ይዘው ለቅሶ ቤት ገቡ። ጥፋተኛ ነው ወይስ አይደለም ብለው አልተከራከሩም፤ ያ በፖሊስ አልቋል። የተነጋገሩት የሟች ልጆች እንዴት እንደሚያድጉ ነበር። ጋሼ ለተዝካሩ አወጣ፤ የትንሹን ልጅ የትምህርት ወጪ ተሸከመ። ቤተሰቡም ይቅር አለው። ይቅርታው ለምን እንደሆነ ብትጠይቁኝ፣ ለጥፋት አልነበረም፤ ጥፋት አልነበረምና። ግን ያለ እሱ ጋሼም ቤተሰቡም ከዚያ ቀን መውጣት አይችሉም ነበር።

ይህ የእኛ ብቻ ጥበብ አይደለም። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 19 እንጨት ሲቆርጥ የምሣሩ ብረት ከእጀታው ወልቆ ባልንጀራውን ስለገደለበት ሰው ተጽፏል። ያ ሰው ሞት አይገባውም፤ ነገር ግን ምንም እንዳልሆነ ወደ ቤቱ አይመለስም፤ ወደ መማፀኛ ከተማ ይሸሻል፣ በዘኍልቍ ምዕራፍ 35 እንደተጻፈውም ሊቀ ካህናቱ እስኪሞት ድረስ በዚያ ይቀመጣል። በቁርኣንም በሱረቱ አን-ኒሳእ አንቀጽ 92 በስሕተት የገደለ ሰው ለሟች ቤተሰብ ካሳ ይከፍላል፣ ባሪያ ነፃ ያወጣል፣ ይህን ካላገኘ ሁለት ወር በተከታታይ ይጾማል። ሁለቱም "አውቆ የገደለ" አይሉትም። ሁለቱም "አይመለከትህም" አይሉትም።

አሁን ወደ ሕጋችን ልግባ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ሦስተኛውን ሾፌር በጥሩ ሁኔታ ያስተናግደዋል። በአንቀጽ 57 መሠረት የወንጀል ጥፋት የሌለበት ሰው፣ ከአቅም በላይ በሆነ ኃይል ወይም በድንገተኛ አጋጣሚ ለደረሰ ነገር አይቀጣም። ሁለተኛው ሾፌር የሚያርፈው በአንቀጽ 543 ላይ ነው፤ በቸልተኝነት ሰው መግደል። መነሻው ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ወይም መቀጮ ነው፤ ደንብን ሆን ብሎ ከጣሰ፣ ወይም የሞቱት ሁለትና ከዚያ በላይ ከሆኑ ግን ወደ ጽኑ እስራት ይሻገራል፣ እሱም ከ5 ዓመት ይጀምራል። ይህችን ቁጥር ልብ በሉልኝ። ከኳሱ ኋላ የሮጠው አንድ ሕፃን ይሁን ወይስ ሁለት፣ ሾፌሩ በምን ይወስነዋል? አንደኛው ሾፌርስ? ትራፊክ ካገኘው የገንዘብ ቅጣት ይከፍላል፤ ካላገኘው እዳው ገብስ ነው።

እዚህ ላይ የሕግ ባልደረቦቼ እንደሚያነሡት የማውቀው ነገር አለ። ሆን ተብሎ በሚፈጸም ወንጀል ሕጋችን እንዲህ ውጤት ተከታይ አይደለም። በአንቀጽ 27 መሠረት የግድያ ሙከራ ያደረገ ሰው፣ ጥይቱ ቢስትም፣ በመርሕ ደረጃ የሚቀጣው ሊፈጽም ባሰበው ወንጀል ቅጣት ነው፤ ፍርድ ቤቱ ሊያቀልለት ይችላል እንጂ የግድ አይልም። ስለዚህ ሕጋችን ካንትን ያውቀዋል። የሚረሳው በቸልተኝነት ላይ ነው፤ የቸልተኝነት ሙከራ የሚባል ነገር የለምና። አንደኛው ሾፌር የሚያመልጠው በዚህ ክፍተት ነው።

ከሥራዬ አንድ ነገር ልጨምር። በፍጥነት ሲነዳ አንድ ወጣት የገጨ ደንበኛ ነበረኝ። ከኋላው በነበረው ታክሲ ውስጥ አንዲት ነርስ ተሳፍራ ነበር፤ ወርዳ ደሙን አቆመች። ወጣቱ ተረፈ፤ ክሱም በቸልተኝነት አካል ማጉደል ሆነ። ነርሷ የቀደመውን ታክሲ ብትይዝ ኖሮ፣ ደንበኛዬ የሚከሰሰው በግድያ ነበር። ዐቃቤ ሕጉ ስለ ደንበኛዬ ቸልተኝነት የተናገረው ንግግር ግን በሁለቱም ክሶች አንድ ቃል ሳይለወጥ ሊነበብ ይችል ነበር።

ሌላ አደጋም አለ፤ ውጤቱ የዳኛውን ዓይን ይቀይረዋል። ጆናታን ባሮንና ጆን ኸርሺ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1988 እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ባሳተሙት ጥናት፣ አንድ ሐኪም ለልብ ሕመምተኛ ቀዶ ሕክምና ለማድረግ የወሰነውን ውሳኔ ሰዎች እንዲመዝኑ አቀረቡላቸው። ሐኪሙ የነበረው መረጃ አንድ ነው። ሕመምተኛው ዳነ የተባሉት ውሳኔውን ጥሩ አሉት፤ ሞተ የተባሉት ደግሞ ዝቅ አድርገው መዘኑት። በችሎትም ይህ አለ። የሕፃን ሬሳ ፎቶግራፍ በመዝገቡ ውስጥ ካለ፣ ሦስተኛው ሾፌር "ትንሽ ቢጠነቀቅ ኖሮ" መባል ይጀምራል። መድኃኒቱ ቅደም ተከተል ነው፤ ርቀቱን፣ ፍጥነቱን፣ የጎማውን ምልክት አስቀድሞ መለካትና ጥፋቱን በዚያ ላይ ብቻ መወሰን፤ ስለ ጉዳቱ ማስረጃ መስማት ከዚያ በኋላ። ቀደም ብዬ በሒሳብ ያደከምኳችሁ ለዚህ ነው።

ምስጋናም በዚያው መንገድ ይሄዳል። ጭነቱን ከወደብ ሌሊቱን ነድቶ ሳይነጋ ያደረሰው ሾፌር በባለቤቱ ዘንድ "አንበሳ" ይባላል፤ ጉርሻም ይሰጠዋል። ይህ ሰው ማን ነው? አንደኛው ሾፌር ነው እኮ! በአንድ ሌሊት አንድ ሰው መንገድ ቢገባበት ያው ፍጥነት "ጭካኔ" ይባል ነበር። ባለቤቱም "ማን ፍጠን አለው?" ይል ነበር። የምናመሰግነው ጉብዝናውን ነው ወይስ መንገዱ ባዶ መሆኑን?

እንግዲህ አቋሜን ልናገር። ወቀሳ ብለን አንድ ላይ ያሰርናቸው ነገሮች መፈታት አለባቸው። የጥፋቱ ልክ የሚወሰነው በእጁ በነበረው ነው፤ በዚህ አንደኛውና ሁለተኛው እኩል ናቸው፣ ሦስተኛው ነፃ ነው። የዕዳው ልክ ግን የደረሰውን ይከተላል፤ የሞተ ሕፃን ቤተሰብ አለና። በዚህ ሁለተኛውና ሦስተኛው ሁለቱም ባለዕዳ ናቸው። ይህ አዲስ ሐሳብ አይደለም፤ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 የመኪና ባለቤት፣ ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ፣ መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ እንደሆነ ይደነግጋል። ለሦስተኛ ወገን የሚደረገው የግዴታ መድንም ይህንን ዕዳ በአንድ ሰው ጫንቃ ላይ ብቻ እንዳይወድቅ ያከፋፍለዋል። ሽማግሌዎቹ ከጋሼ ጋር ያደረጉት፣ ሕጉ በዚህ አንቀጽ ያደረገውን ነው።

"ታዲያ አንደኛውን ሾፌር አምስት ዓመት እናስረው?" ትሉኛላችሁ። አይደለም። ሁለተኛውን ወደ አንደኛው ዝቅ አድርገንም አንተወው። ዴቪድ ሉዊስ የተባለ አሜሪካዊ ፈላስፋ በ1989 እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ባወጣው ጽሑፍ አንድ የሚረብሽ ሐሳብ አቅርቧል፦ ወንጀሉን የሞከረውን ሁሉ ዕጣ እናስጥለው፤ ክፉ ዕጣ የወጣበት ይቀጣ፣ ሌላው ይሂድ። ዘግናኝ ነው እንላለን። አሁን የምንሠራበት ሥርዓትስ በምን ይለያል? ልዩነቱ ዕጣውን የሚያወጣው ዳኛው ሳይሆን የኳሱ አቅጣጫ መሆኑ ነው። ይህንን ክርክር ሙሉ በሙሉ ማፍረስ አልቻልኩም። በተግባር የምለው ግን የቅጣቱን ክብደት ከአደጋው በኋላ ከመከመር ይልቅ ከአደጋው በፊት ወዳለው ፍጥነት እንውሰደው ነው። በ80 የተያዘ ሰው የሚከፍለው ሳንቲም ሳይሆን መንጃ ፈቃዱ ቢሆን፣ የሁለቱ ሾፌሮች ርቀት ይጠባል፤ አንደኛውም ሕፃኑ ሳይገባበት በፊት ጥፋቱን ያውቀዋል።

የቀረችው የኔግል ጣጣ ናት። ሁለተኛው ሾፌር በ80 የነዳው ለምንድን ነው? የሚከፈለው በጉዞ ብዛት ስለሆነ ይሆናል። ልጁ ስለታመመ፣ የቤት ኪራይ ስላለበት ይሆናል። እኔ እዚህ ቆሜ የማወራው፣ በአባቴ ሥራ ተምሬ ጠበቃ ስለሆንኩ እንጂ በዚያ ወንበር ላይ እሆን ነበር። ይህንን ክር እስከ መጨረሻው ብንስበው ማንም የማይጠየቅበት ዓለም ላይ እንደርሳለን፤ ያንን ዓለም አልቀበለውም። እኔ የምቆመው ሰውየው በዚያች ደቂቃ ያወቀውን አውቆ እግሩን ሊያነሣ ይችል ነበር ወይ በሚለው ላይ ነው። ይችል ከነበረ ጥፋቱ የእሱ ነው፤ ድህነቱ ቅጣቱን ያቀልለት ይሆናል እንጂ ጥፋቱን አይወስድለትም። ይሁንና እግሩን እንዳያነሣ የከፈለውም ሰው በዚያው መመዘኛ መመዘን አለበት፤ ያ ሰው ከሾፌሩ ይልቅ ለማሰብ ረጅም ጊዜ ነበረውና።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ። አሁን ጥያቄና ተቃውሞ ለመስማት ዝግጁ ነኝ፤ በአዳራሹ ውስጥ የጭነት መኪና ባለቤቶች ካላችሁ ከእናንተ ብንጀምር ደስ ይለኛል።